የስንዴ ምርታማነት ግራፍ፦ የሚያሳየውና የሚሸፍነው

በአርሲ ደጋማ አካባቢዎች ስንዴን የሚያጠና ተመራማሪ ለመነሻ ከሚጠቀምባቸው መረጃዎች አንዱ የቀድሞው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ዓመታዊ የግብርና ናሙና ጥናት ነው። በጥናቱ መሠረት በአነስተኛ የግል ይዞታዎች የመኸር ስንዴ አገራዊ አማካይ ምርታማነት በ2005 ዓ.ም. በሄክታር 21.10 ኩንታል፣ በ2006 ዓ.ም. 24.45 ኩንታል፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ 27.36 ኩንታል ነበር። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የትኛውን ድምዳሜ እንደሚደግፉ፣ የትኛውን ደግሞ እንደማይደግፉ ይመረምራል።

በመጀመሪያ የ2006ቱንና የ2010ሩን ቁጥር በዓምድ ግራፍ እናስቀምጥ። ልዩነታቸው 2.91 ኩንታል፣ ማለትም 12 በመቶ ገደማ ነው። ቁመታዊው ዘንግ ከ24 ቢጀምር ግን የመጀመሪያው ዓምድ 0.45፣ ሁለተኛው 3.36 ርዝመት ስለሚኖራቸው፣ ምርታማነቱ ከሰባት እጥፍ በላይ ያደገ ይመስላል። የተጻፉት ቁጥሮች ትክክል ቢሆኑም ሥዕሉ ያሳስታል፤ አንባቢ ዓምድን የሚያነበው በርዝመቱ ነውና። ስለዚህ የዓምድ ግራፍ ዘንግ ከዜሮ መጀመር አለበት። ነጥቦችን በመስመር የሚያገናኝ ግራፍ ከዜሮ ውጭ ሊጀምር ይችላል፤ ሆኖም ይህ በመግለጫው ሊጠቀስ ይገባል።

ሁለተኛው ችግር ዘንግ በማስተካከል አይፈታም። ከ2005 እስከ 2006 ዓ.ም. አገራዊው አማካይ ከፍ ብሏል። ይሁን እንጂ በዚያው በ2006 የመኸር ወቅት የግንድ ዋግ ወረርሽኝ በባሌና በአርሲ «ዲገሉ» የተባለውን የስንዴ ዝርያ አጥቅቶ ነበር፤ ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ በሆነ ማሳ ላይ ምርቱ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ጠፍቷል። ይህ በግራፉ የማይታየው ለምንድን ነው? በስንዴ የተሸፈነው መሬት በአገር ደረጃ 1.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ስለነበር፣ 10 ሺህ ሄክታር ከዚህ 0.6 በመቶ ብቻ ነው። የዚህ መሬት ምርት በሙሉ ቢጠፋ እንኳ አገራዊው አማካይ የሚቀንሰው በሄክታር 0.15 ኩንታል ያህል ነው። ለገበሬው ባዶ ማሳ የሆነው ጉዳት በአማካዩ ውስጥ ከአንድ ኩንታል ሩብ በታች ሆኖ ይሰወራል።

ስለሆነም ከዚህ ግራፍ ተነሥቶ «የአርሲ ገበሬ ምርት አደገ» ማለትም ሆነ «ዋግ ጉዳት አላደረሰም» ማለት አይቻልም። ለእነዚህ ድምዳሜዎች በወረዳና በዝርያ የተለየ መረጃ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹን በታማኝነት የሚገልጽ መግለጫ የሚከተለውን ይመስላል፦ «በአነስተኛ የግል ይዞታዎች የመኸር ስንዴ አገራዊ አማካይ ምርታማነት፣ ኩንታል በሄክታር፣ 2005፣ 2006 እና 2010 ዓ.ም.። በመካከል ያሉት ዓመታት አልተካተቱም፤ አማካዩ በዞኖችና በዝርያዎች መካከል ያለውን ልዩነት አያሳይም።»