ለሠላሳኛው ልደት ፎቶ፦ ቀልድ ወይስ ቁም ነገር?

ከሳሪስ የጻፈችው አንባቢ በ1988 ዓ.ም. መስከረም ላይ ተወልዳ ዘንድሮ ሠላሳ ዓመት ሞልቷታል። ፎቶው ተነስቷል፣ ተመርጧል፤ ኢንስታግራም ላይ ያልወጣው ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ ስላልተቆረጠ ብቻ ነው። በፎቶው ላይ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ እናቷ ኬክ ሲያጎርሷት ትታያለች። ክሬሙ አፍንጫዋ ላይ ተለጥፏል፣ አንድ ዓይኗ ተጨፍኗል።

ጓደኞቿ ቀልድ ጻፊ ይሏታል። ታላቅ እህቷ ደግሞ ዕድሜ ቀልድ አይደለም፣ ፈጣሪሽን አመስግኚ ትላታለች። ጠያቂዋ ሁለቱንም ትፈራለች፤ ከቀለደች ሠላሳ መሙላቷ የከነከናት ሊመስልባት ነው፣ ቁም ነገር ከጻፈች ደግሞ የሽልማት ንግግር ሊሆንባት።

ከጓደኞቿ አንዷ «በሀበሻ አቆጣጠር ገና ሃያ ሦስት ነኝ» በዪ ብላታለች። ይህ ቀልድ አርጅቷል፤ ስሌቱም አይሠራም። የልደት ዓመቷም የዘንድሮውም ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከተወሰደ 2018 ሲቀነስ 1988 ያው ሠላሳ ነው። የሰባት ዓመቱ ቅናሽ የሚገኘው ሁለቱን አቆጣጠሮች ሲያደባልቁ ነው። የባሰው ግን ሁለተኛው ሐሳብ ነው፦ «ሠላሳ ገባሁ፣ ባል የት ገባ?» ሰው በራሱ ላይ ሲቀልድ ሌላውም እንዲቀጥል ፈቃድ ይሰጣል። ከሥሩ የሚመጣው አስተያየት ከወዲሁ ይታወቃል፤ አክስት «መቼ ነው እልል የምንለው?» ትላለች፣ የድሮ የሥራ ባልደረባ ሰው አለኝ ላስተዋውቅሽ ይላል። ጽሑፉን ቆይቶ ማረም ይቻላል፤ ያነበበውንና የመለሰውን ሰው ግን ማረም አይቻልም። ጠያቂዋ በዚሁ ደብዳቤ ስለ ትዳር መጠየቅ እንደሰለቻት ጽፋለች። እንግዲያው ራሷ በሩን ከፍታ ማን ገባ ብላ መቆጣት የለባትም።

የእህቷ ረቂቅ ደግሞ ክርስቶስ በሠላሳ ዓመቱ መጠመቁን ያነሳል። የሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 3 ይህንኑ ዕድሜ ይጠቅሳል፤ አዳምም የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ተፈጠረ ይባላል። ለምስጋና ጸሎት የሚመጥን ሐሳብ ነው፤ ክሬም የተቀባ አፍንጫ ሥር ግን አይቆምም። አንባቢው ወይ ፎቶውን አይቶ ይስቃል፣ ወይ ጽሑፉን አንብቦ ዝም ይላል። ሌላም ችግር አለበት። ረቂቁ የሚጀምረው በረዥም የምስጋና ዝርዝር ነው፤ ኢንስታግራም ደግሞ 2,200 ፊደል ቢፈቅድም ሰው ካልነካው በቀር ከ125 ፊደል ገደማ በኋላ ያለውን ይሸሽገዋል። የእናትየው ስም የሚገኘው እዚያ የተሸሸገው ክፍል ውስጥ ነው።

ፎቶው ራሱ ቀልድ ነው። ተጨማሪ ቀልድ ከሥሩ ማስቀመጥ ቀልድ ነግሮ ገባችሁ ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ስለዚህ ቃናው ወደ ቁም ነገሩ ማዘንበል አለበት፤ ግን ቁም ነገሩ ስለ ሕይወትና ስለ ዘመን ሳይሆን በፎቶው ላይ ስለሚታይ አንድ ነገር መሆን አለበት።

ደግነቱ ያ ነገር ደብዳቤዋ ውስጥ አለ። ጠያቂዋ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ «እናቴ እስከ ዛሬ እኔን ሳታጎርስ እህል አይወርድላትም» ብላለች። ከሁለቱም ረቂቆች የሚበልጠው ይኸው ነው። መጀመሪያ ሲታሰብ እንዲህ ሊጻፍ ይችል ነበር፦ «እናቴ በሠላሳ ዓመቷ ሦስት ልጅ ታጎርስ ነበር፤ እኔ ገና እጎርሳለሁ።» ያምራል፣ ነገር ግን አክስትን መልሶ ይጠራል፤ «አንቺስ መቼ ታጎርሺያለሽ?» መባሉ አይቀርም። ልጅ የሚለው ቃል ሲወጣ ይህ ይቀራል፦

«እናቴ ዛሬም እኔን ሳታጎርስ አትበላም። ሠላሳ እንደሞላኝ ንገሩልኝ።»

ዕድሜዋ አልተደበቀም፣ አልተለቀሰበትም። ምስጋና የሚል ቃል የለበትም፣ ምስጋናው ግን ለማንም አይጠፋም። ሳቁም ባል የለኝም ከማለት ሳይሆን ከእናት ልማድ የመጣ ነው፤ አስተያየት የሚሰጠው ሰው ስለ ራሱ እናት ያወራል። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ሳይነኩ በሙሉ ይታያሉ። የሳቅ ምልክት አያስፈልገውም። እህቷ ካላመነች ፈጣሪን የሚያመሰግን አንድ አጭር መስመር ከሥር ይጨመር፤ ከላይ ግን አይሁን።

አንድ ነገር ይቀራል። በፎቶው ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ደብዳቤው ውስጥ የእናትየው ፈቃድ አልተነሳም። ጠያቂዋ ፎቶውን አሳይታ ጽሑፉን ጮክ ብላ ታንብብላቸው። ከሳቁ ዛሬውኑ ትለጥፈው፤ ቅር ካላቸው ሌላ ፎቶ ትምረጥ።