ከጉንፋን በኋላ የቀረ ደረቅ ሳል

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት መምህርት ነኝ። ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ደረቅ ሳል አልለቀቀኝም፤ አምስት ሳምንት ሆነኝ። ሌሊት ይብስብኛል። አሞክሳሲሊን ብወስድም አልተሻለኝም። ምን ይሆን?

መልስ፦ በቅድሚያ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርጉ። በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው እንዲመረመር ይመከራል። ሳሉ ደረቅ ነው ብለው አይዘናጉ፤ ቲቢ ሲጀምር አክታ ላይኖረው ይችላል። የማታ ትኩሳት፣ ልብስ የሚያርስ ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ደም ካለ ዛሬውኑ ይሂዱ። ለምርመራው ምራቅ ሳይሆን ከደረት የወጣ አክታ ይስጡ፤ አክታ እምቢ ካለ ሐኪሙ ራጅ ሊያዝ ይችላል።

ቲቢ ካልሆነ፣ ሳሉ የሚነሳበት ሰዓት ብዙ ይናገራል። ገና ጋደም ሲሉ ከጀመረ፣ ጉሮሮዎንም ደጋግመው የሚጠርጉ ከሆነ፣ ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ፈሳሽ ይጠረጠራል፤ ከጉንፋን በኋላ የተለመደ ነው። ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎት፣ የጠመኔ ብናኝ፣ ጭስና ብርድም የሚያስነሳው ከሆነ አስም እጠረጥራለሁ። ሲር ሲር የማይል፣ በሳል ብቻ የሚታወቅ አስም አለ፤ ቀን ደረትዎ ሲደመጥ ንጹሕ ሊሆን ስለሚችል በትንፋሽ መለኪያ፣ የሚነፋ መድኃኒት ከመውሰድዎ በፊትና በኋላ፣ ይለካ።

ከእራት በኋላ የሚብሰው ደግሞ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ ሊሆን ይችላል፤ ቃር ባይኖርም። እራትዎን ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት ይጨርሱ።

አሞክሳሲሊን ከእነዚህ አንዱንም አያድንም፤ አይድገሙት። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ እሱም ደረቅ ሳል ያመጣል።