«መጣሁ!» ካላችሁ ቻይንኛውን ጀምራችሁታል

ጓደኛችሁ ካፌ ተቀምጦ ይደውላል። እናንተ ገና ቤት ውስጥ ጫማ እየፈለጋችሁ ነው። «የት ደረሳችሁ?» ሲላችሁ «መጣን፣ መጣን!» ትሉታላችሁ። እግራችሁ ደጃፍ አልረገጠም፣ ግሱ ግን ደርሷል። ምሳ ሰዓት ላይ «ራበኝ» ስትሉም ረሃቡ የአሁን ነው፤ የግሱ መልክ ግን ትምህርት ቤት «ኀላፊ ጊዜ» ብለን የተማርነው ነው። ቻይንኛ ለመማር ተነስታችሁ «ለ» የምትባለው ትንሽ ቃል ካስቸገረቻችሁ፣ መፍቻው አፋችሁ ውስጥ አለ።

ችግሩ የሚጀምረው ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ነው። «ማይ» መግዛት ነው። (ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ መልሳችሁ አንሱት፤ ከላይ ወደ ታች ከጣላችሁት መሸጥ ይሆናል።) «ትናንት መጽሐፍ ገዛሁ» ለማለት ከግሱ ቀጥሎ «ለ» ትገባና «ማይ ለ» ይሆናል። ቀጣዩ ምሳሌም ስለ ትናንት፣ ከዚያ የሚከተለውም ስለ ትናንት ነው። ተማሪው «ገባኝ፣ ለ ማለት ኀላፊ ጊዜ ነው» ብሎ ይደመድማል። ቢሳሳት አይፈረድበትም። ያለቀ ነገር የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ «አለቀ» እና «ድሮ» አንድ ላይ እየመጡ አንድ ይመስላሉ። በእንግሊዝኛ በኩል ለሚማር ደግሞ ይብሳል፤ እዚያ ኀላፊው ግስ ጊዜንም ሳይናገር አያልፍም።

ቻይንኛ ግን ግሱን በጊዜ አይለዋውጥም። መቼ እንደሆነ የሚናገሩት «ትናንት»፣ «ነገ»፣ «አምና» የሚሉት ቃላትና የወሬው አካሄድ ናቸው። «ለ» የምትመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ድርጊቱ ተዘግቷል ወይስ ክፍት ነው? የቋንቋ ምሁራን የመጀመሪያውን ጥያቄ ጊዜ፣ ሁለተኛውን አስፔክት ይሉታል።

በነገ እንፈትናት። «ነገ ቲኬቱን እንደገዛሁ እደውልልሃለሁ» የሚለውን ቻይናዊው ሲናገር «ማይ ለ» ይላል። ግዢው ነገ ነው፤ ሆኖም ስልኩ የሚደወለው ግዢው ካለቀ በኋላ ነውና «ለ» ትገባለች። አሁን አማርኛውን እዩት፦ «እንደገዛሁ»። ስለ ነገ እያወራችሁ «ገዛሁ» አላችሁ፤ አልተደናገራችሁምም። በእንግሊዝኛ ብቻ ያሰበ ተማሪ እዚህ ቦታ ላይ «ለ»ን ይረሳታል፣ እናንተ ግን ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ካሰባችሁት ራሷ ትመጣለች።

በተቃራኒውም ይሠራል። «አምና በየሳምንቱ እዚህ አትክልት እገዛ ነበር» ጊዜው ያለፈ ነው፤ ግን የተደጋገመ ልማድ ስለሆነ አልተዘጋም፣ «ለ»ም አትገባም። አማርኛችንም «ገዛሁ» ሳይሆን «እገዛ ነበር» ብሏል። «ራበኝ» ደግሞ «ዎ እ ለ» ነው። እዚህ «ለ» የምትቆመው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲሆን «ሁኔታው ተለወጠ፣ ቅድም አልራበኝም ነበር» ትላለች፤ የሰዋስው መጻሕፍት ለይተው የሚያስተምሩት ሌላ አገልግሎቷ ነው፣ ለአማርኛ ጆሮ ግን እንግዳ አይሆንም።

አማርኛ ጉድጓድ ውስጥ የሚጥላችሁ አንድ ቦታ አለ፣ እሱም አሉታ ነው። እኛ «አልገዛሁም» ስንል የ«ገዛሁ»ን መልክ እንደያዝን ነው። ቻይንኛ ግን ከግሱ በፊት «ሜይ» ያስገባና «ለ»ን ይጥላል፦ «ሜይ ማይ»። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ያልተፈጸመ ግዢ የሚዘጋ ነገር የለውም። ደብተራችሁ ላይ «ሜይ» እና ከግሱ ኋላ «ለ» ለአንድ ድርጊት ተጎራብተው ካገኛችሁ፣ ምናልባት ስህተት ነውና አንዷን ሰርዙ።

ዛሬ ማታ ይህን ሞክሩ፦ «ባለፈው እሑድ ገበያ ሄድኩ። ሰው ብዙ ነበር። ጫማ አልገዛሁም። አንድ ሸሚዝ ገዛሁ።» አራቱም ዓረፍተ ነገሮች የእሑድ ናቸው፤ «ለ = ኀላፊ» የሚለው ተማሪ አራቱም ላይ ይለጥፋታል። እናንተ እያንዳንዱን «ተዘግቷል?» ብላችሁ ጠይቁት። መሄዱ ተፈጽሟል፣ ትገባለች። የሰው ብዛት የቦታው ሁኔታ እንጂ የተፈጸመ ድርጊት አይደለም፣ አትገባም። ጫማው አልተገዛም፣ «ሜይ» ብቻ። አንዱ ሸሚዝ ተገዝቶ አልቋል፤ ቁጥሩ መጠቀሱ ደግሞ መዘጋቱን ያጠነክረዋል፣ ትገባለች። ከአራቱ ሁለቱ ብቻ። ከዚያ ያንኑ ታሪክ «የሚመጣው እሑድ ሸሚዝ እንደገዛሁ ወደ ቤት እመለሳለሁ» ብላችሁ ወደፊት አዙሩትና የሸሚዙ «ለ» ከቦታዋ እንዳልተነቃነቀች ተመልከቱ።