«እኅቴና ራሴ ሄድን»፦ «ራስ» ያለ መመለሻው ሲገባ

መግቢያ

በእንግሊዝኛ ሰዋስው ትምህርት ተማሪዎች ከሚታረሙባቸው ግድፈቶች አንዱ፣ በጥምር ባለቤት ውስጥ «አይ» መባል ሲገባው «ማይሰልፍ» ማለት ነው። ለእርማቱም ቀላል መፈተኛ ይሰጣል፦ አጣማሪው ስም ይነሣና የቀረው ብቻውን ይነበባል። «ማይሰልፍ ሄድሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ስለማይቆም ስሕተቱ ወዲያው ይገለጣል። ይኸው ግድፈት «ረዳቴና ራሴ»፣ «በረዳቱና በራሱ» እየተባለ በአማርኛ የጥናት ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ ግን ያ መፈተኛ አይሠራም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መፈተኛው ለምን እንደማይሠራና በምን ሊተካ እንደሚችል ማሳየት ነው።

የ«ራስ» ሦስት አገልግሎቶች

«ራስ» በመጀመሪያ የአካል ክፍል ስም ነው፤ «ራሴን አመመኝ» ሲባል የታመመው ጭንቅላት ነው። ሁለተኛው አገልግሎቱ ተመላሽነት ነው፤ «ልጁ ራሱን ወቀሰ» በሚለው ወቃሹም ተወቃሹም አንድ ሰው ነው። ሦስተኛው ማጽኛነት ነው፤ «ልጁ ራሱ መጣ» ማለት ሌላ ሰው አልላከም ማለት ነው።

ተመላሹንና ማጽኛውን በተሳቢ ቦታ የሚለያቸው የግሱ ቅጥያ ነው። «ራሱን ጠየቀ» ሲባል ግሱ የተሳቢ ቅጥያ አልያዘምና ጠያቂው የጠየቀው ራሱን ነው። «ራሱን ጠየቀው» ሲባል ግን «-ው» ወደ ሌላ ሰው ያመለክታል፤ ትርጉሙም «ሌላውን ሳይሆን እርሱን በቀጥታ ጠየቀው» ይሆናል። በአንዲት ፊደል ልዩነት «ራሱን» ከተመላሽነት ወደ ማጽኛነት ይዞራል።

መፈተኛው ለምን አይሠራም?

አማርኛ የባለቤቱን ተውላጠ ስም የግድ አይጠይቅም። «ሄድሁ» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «እኔ» ባይጠራም «-ሁ» ያመለክተዋል። ስለዚህ «ራሴ ሄድሁ» ምንም እንከን የለበትም፤ «ራሴ» የሚደገፍበትን አንደኛ መደብ ነጠላ ቁጥር በግሱ ላይ ያገኛል። «እኅቴና ራሴ ከመሪ ወደ እንጦጦ ሄድን» ከሚለው ውስጥ «እኅቴ» ተነሥታ ግሱም ወደ ነጠላ ሲመለስ የሚቀረው «ራሴ ሄድሁ» ትክክለኛ ስለሆነ፣ የእንግሊዝኛው መፈተኛ ጥምሩንም ትክክል ነው ብሎ ያሳልፈዋል።

ችግሩ የሚታየው ጥምሩ ሳይፈርስ ግሱ ሲመረመር ነው። «ሄድን» የያዘው ምልክት የብዙ ቁጥር «-ን» ነው። «ራሴ» የሚፈልገው ነጠላ «እኔ» በግሱም ላይ የለም፤ ከጥምሩም ውስጥ በስሙ አልተጠራም። በ«እኅቴ» መጨረሻ ያለው «-ኤ» የእኅትን ዝምድና የሚያመለክት አገናዛቢ እንጂ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አይደለምና መመለሻ አይሆንም።

ስለዚህ ለአማርኛ የሚስማማው መፈተኛ ይህ ነው፦ «ራስ» የያዘው መደብና ቁጥር በዚያው ዓረፍተ ነገር በግሱ ቅጥያ ወይም ከጎኑ በተጠራ ስም ላይ ይገኛልን? «እኔና እኅቴ ራሳችን ሄድን» ያልፋል፤ «ራሳችን» ከ«-ን» ጋር ይስማማል። «እኔ ራሴና እኅቴ ሄድን» ያልፋል፤ «ራሴ» በ«እኔ» ተደግፏል። ማጽናት ካላስፈለገ ደግሞ «እኔና እኅቴ ሄድን» በቂ ነው። በተሳቢም እንዲሁ ነው። «ራሴንና እኅቴን ጎዳሁ» ትክክል ነው፤ የጎጂው «-ሁ» ለ«ራሴን» መመለሻ ይሆነዋል። «ዳኛው እኅቴንና ራሴን ጠየቁን» ግን «እኔንና እኅቴን ጠየቁን» መባል አለበት።

ስሕተቱ ትርጉም ሲያዛባ

እስካሁን በታዩት ምሳሌዎች አንባቢ ሐሳቡን መገመት አይሳነውም። በጥናት ጽሑፍ የአሠራር ምዕራፍ ግን አጥኚው ራሱን በሦስተኛ መደብ ስለሚጠራና ግሱም ብዙ ጊዜ ተደራጊ ስለሚሆን ጉዳቱ ይከፋል። ለምሳሌ ያህል የሚከተለው ዓረፍተ ነገር ይታይ፦

«መረጃው በረዳቱና በራሱ ተሰበሰበ።»

ጸሐፊው ሊል የፈለገው አጥኚውና ረዳቱ ሰበሰቡት ነው። ሆኖም አጥኚው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። የ«ተሰበሰበ» ባለቤት «መረጃው» ነው፤ መደቡ ሦስተኛ፣ ቁጥሩ ነጠላ፣ ጾታውም ተባዕት ስለሆነ ከ«ራሱ» ጋር በሁሉም ይስማማል። በዚያ ላይ «በራሱ» በአማርኛ «ያለ ሌላ አጋዥ» የሚል የጸና ትርጉም አለው፤ «በሩ በራሱ ተከፈተ» እንደሚባለው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ሕግ ሲነበብ መረጃው ከረዳቱ ጋር ሆኖ ራሱን ሰበሰበ ይላል። ሌላ ችግርም አለ፤ ከዚህ ቀደም ብሎ አማካሪው ተጠቅሶ ከነበረ «ረዳቱ» የማን ረዳት እንደሆነ አይለይም።

እዚህ ላይ ከቀድሞው መፈተኛ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። «ራሱ» መመለሻ አግኝቷል፤ ያገኘው ግን ያልታሰበውን ነው። መደብ፣ ቁጥርና ጾታ መስማማታቸው በቂ አይደለም፤ የተገኘው መመለሻ ጸሐፊው ያሰበው መሆኑም መረጋገጥ አለበት። እርማቱ ድርጊት ፈጻሚውን በስሙ መጥራት ነው፦ «መረጃውን አጥኚውና የመስክ ረዳቱ ሰበሰቡ»። ቃለ መጠይቁን ማን እንዳካሄደ ለሚመዝን ፈታኝ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የታሪኩ ማስጠንቀቂያ

ከዚህ በመነሣት «ራስ በተራ ተውላጠ ስም ቦታ ፈጽሞ አይገባም» ብሎ መደንገግ ግን የቋንቋውን ታሪክ ይቃረናል። በግእዝ የሦስተኛ መደብ ተውላጠ ስሞች «ውእቱ»፣ «ይእቲ» እና የመሳሰሉት ናቸው። አማርኛ እነዚህን ትቶ የሚጠቀምባቸው «እርሱ»፣ «እርሷ» እና «እርሳቸው»፣ እንዲሁም የሁለተኛ መደቡ «እርስዎ» ከ«ርእስ»፣ ማለትም ከራስ፣ የወጡ ናቸው። ማስረጃው በመጨረሻቸው ይታያል፤ «ቤቱ፣ ቤቷ፣ ቤታቸው፣ ቤትዎ» የሚሉት የያዙትን አገናዛቢ ቅጥያ እነዚህም ይዘዋል። «እሱ» የሚለው አነጋገር ደግሞ «ር»ን ጥሎ ከመነሻው ይበልጥ ርቋል። በአንጻሩ «እኔ» እና «አንተ» የግእዙን «አነ» እና «አንተ» የተከተሉ ስለሆኑ «ራስ» አልተካቸውም።

«እርሱ ራሱ» ስንል እንግዲህ አንዱን ቃል በሁለት ዕድሜው ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። የመጀመሪያው የማጽናት ኃይሉን ስላጣ ሁለተኛው ተጨመረለት። ዛሬ በአዲስ አበባ የዕለት ተዕለት ንግግር «እኔ ራሱ አልገባኝም» ሲባል ይሰማል። እዚህ «ራሱ» ከ«እኔ» ጋር በመደብ አይስማማም፤ «እንኳ» እንደሚለው ቃል ሳይለዋወጥ ያገለግላል። ይህ አነጋገር የራሱ ሥርዓት ያለው ለውጥ ስለሆነ ከ«እኅቴና ራሴ» ጋር በአንድ ላይ ስሕተት ተብሎ መመዝገብ የለበትም።

መደምደሚያ

በአማርኛ ጥምር ባለቤትና ጥምር ተሳቢ ውስጥ የ«ራስ» ትክክለኛነት የሚታወቀው አጣማሪውን በመጣል ሳይሆን መመለሻውን በመፈለግ ነው። መመለሻው በግሱ ቅጥያ ላይ ወይም ከ«ራስ» ጎን በተጠራ ስም ላይ ካልተገኘ «እኔ»፣ «እርሱ» ወይም የሰውየው መጠሪያ ይተካ። ያልታሰበ መመለሻ ከተገኘ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ከተደራጊ ወደ አድራጊ ይመለስ። መፈተኛው የተጻፈ መደበኛ አማርኛን የሚመለከት ሲሆን፣ በንግግር የማይለዋወጠውን «ራሱ» አይዳኝም።