ፔሎቶን፣ ማምለጥ፣ ከነፋስ መከለል

በዚህ መጽሔት ስለ ቢስክሌት ውድድሩ ቀን የተጻፈውን የሚያነቡ ወላጆቻችን «ፔሎቶን ምንድን ነው? ማንስ ከማን አመለጠ?» ማለታቸው አይቀርም። ቃላቱ ሁሉ የሚፈቱት በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በነፋስ ነው።

በጀፎረ ላይ ቢስክሌት የነዳ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዝግታ ሲሄዱ አየሩ የሌለ ያህል ነው። ፍጥነት ሲጨምር ግን ደረትን ይገፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ከጉልበቱ አብዛኛውን የሚጨርሰው አየሩን በመሰንጠቅ ነው።

ብልኅ ተወዳዳሪ ታዲያ ከሌላው ጎማ ኋላ ይጠጋል። ይህን እንግሊዞች ድራፍቲንግ ይሉታል፤ እኔ ከነፋስ መከለል ብዬዋለሁ። የፊተኛው አየሩን ስለሚከፍትለት፣ የኋለኛው በሜዳ መንገድ ከድካሙ ወደ ሲሶ የሚጠጋው ይቀርለታል። በዳገት ግን ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ጥቅሙም ያንሳል። አደጋም አለው፤ የኋለኛው የፊት ጎማ ከፊተኛው የኋላ ጎማ ጋር ቢነካካ፣ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው የኋለኛው ነው።

ፔሎቶን የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ተጠጋግተው የሚነዱት ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ማለት ነው። ከፊት ያሉት እየተፈራረቁ ነፋሱን ሲቀበሉ፣ የመካከሎቹ ያርፋሉ።

ማምለጥ ደግሞ ከዚህ መንጋ ተነጥሎ ቀድሞ መሄድ ነው። አንድ ሰው በ2 ደቂቃ ቀድሞ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል። በመካከላቸው 1,333 ሜትር ያህል አለ ማለት ነው። ፔሎቶኑ በሰዓት 44 ኪሎ ሜትር ቢያሳድደው የሚደርስበት ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ውስጥ ያመለጠው 13 ኪሎ ሜትር ከሩብ ያህል ይሄዳል። እንግዲህ እስከ መጨረሻው የቀረው 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ አይያዝም።

ነገር ግን ብዙዎች ሳሉ አንዱን መያዝ ለምን ያቅታቸዋል? ከፊት ወጥቶ የሚያሳድደው ሰው ይደክማል፤ ተከልሎ የቆየው ደግሞ በመጨረሻው ላይ ይቀድመዋል። ስለዚህ ሁሉም «አንተ ምራ» ይባባላሉ። በእኔ አስተያየት ከውድድሩ ሁሉ የሚጥመው ይህ መተያየት ነው።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በጎዳናው ውድድር ተሰልፈው ነበር። መንገዱ 188 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ያሸነፈው የኢጣልያው ኤርኮሌ ባልዲኒ ብቻውን ገባ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የገቡት ከ1 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ በኋላ ሲሆን፣ የተመዘገበላቸው ሰዓት አንድ ዓይነት ነው። በውጤት ዝርዝር ላይ እንዲህ ያለ እኩል ሰዓት ሲታይ፣ ሰዎቹ በአንድነት ተጠጋግተው እንደ ደረሱ ያስረዳል፤ ሰፊ ልዩነት ያለው ብቸኛ ስም ግን ብቻውን ያመለጠ ሰው ነው።