የሚከራይ ቤት፦ ስልኩ ይጮኻል፣ ተከራይ የለም

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ ሪፈራል አካባቢ ሰርቪስ ቤት አለኝ። «ምርጥ ቤት በተመጣጣኝ ዋጋ፣ ይደውሉ» ብዬ ለጠፍኩ። ደዋዩ ብዙ ነው፤ የሚከራይ ግን ጠፋ። ምን ላስተካክል?

መልስ፦ ሰው የሚደውልልዎት ዋጋና ሰፈር ለመጠየቅ ብቻ ነው። ሁለቱን ከላይ አውጥተው እንዲህ ይጻፉት፦

የሚከራይ ሰርቪስ ቤት፦ በወር 7,000 ብር
ቦታ፦ ሐዋሳ፣ ሪፈራል አካባቢ፣ ከአስፋልት በእግር 5 ደቂቃ
ቤቱ፦ 2 ክፍል፤ ሽንት ቤት የጋራ
ውሃና መብራት፦ ቆጣሪ የጋራ፤ ሒሳቡ ከኪራዩ ውጪ ይከፈላል
ቅድሚያ ክፍያ፦ የ2 ወር
ደላላ፦ የለም

ዋጋውና ዝርዝሩ ለምሳሌ ነው፤ የራስዎን ያስገቡ። ቅድሚያውን ግን አያብዙት፤ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ መጠየቅን ይከለክላል።

ሽንት ቤቱ የጋራ ከሆነ መደበቅ ያምርዎታል፤ እኔ ግን ይጻፉት እላለሁ። ያልጻፉትን ተከራዩ ግቢው ውስጥ ቆሞ ያየዋል፤ ያኔ ወይ ዋጋ ያስቀንሳል ወይ ጥሎ ይሄዳል። ውሃ በፈረቃ ከሆነ የሚመጣበትን ቀንና ሮቶ መኖሩን ይጨምሩ። «ለባለትዳር ብቻ» ወይም «ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በር ይዘጋል» የሚል ደንብ ካለዎትም ከስልክ ቁጥሩ በፊት ይግባ። ሲከራይ ማስታወቂያውን ያንሱት።