ዱቤው የት ተጻፈ?

ጥያቄ፦ መርካቶ ሸማ ተራ ጨርቅ እነግዳለሁ። አንዱን ግብይት ሁለት ጊዜ መመዝገብ ለምን አስፈለገ? ዴቢት ገቢ፣ ክሬዲት ወጪ ማለት ነው?

መልስ፦ ማንኛውም ግብይት ሁለት ገጽ አለው፤ የመጣ ነገር አለ፣ የመጣበትም ምንጭ አለ። የ50,000 ብር ጨርቅ ገዝተው 20,000 ብሩን በእጅ ከፈሉ፣ 30,000 ብሩን በዱቤ ወሰዱ እንበል። የገንዘብ ደብተር ብቻ ከያዙ የሚታየው የወጣው 20,000 ብር ነው፤ ዕዳው ይሰወራል። በሁለትዮሽ አመዘጋገብ ግን ዕቃው በዴቢት 50,000፣ ጥሬ ገንዘቡ በክሬዲት 20,000፣ ተከፋይ ሂሳቡ በክሬዲት 30,000 ሆኖ ሁለቱ ወገኖች እኩል ይመጣሉ። ስለዚህ ዴቢት የሂሳቡ ግራ፣ ክሬዲት ቀኙ ነው እንጂ ገቢና ወጪ አይደሉም። ንብረትና ወጪ ሲጨምሩ በግራ ይጻፋሉ፤ ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ ሲጨምሩ በቀኝ፤ ሲቀንሱ በተቃራኒው።

«ታዲያ ባንክ ገንዘብ ሳስገባ ክሬዲት ሆነ የሚለኝ ለምንድን ነው?» ይሉ ይሆናል። ባንኩ የሚናገረው ከራሱ መዝገብ ነው፤ ያስቀመጡት ገንዘብ ለእርሱ ዕዳ፣ ለእርስዎ ግን ንብረት ስለሆነ በእርስዎ ደብተር ዴቢት ነው። የግራና የቀኝ ሚዛኑ ገጠመ ማለት ደግሞ ስህተት የለም ማለት አይደለም። ጭራሽ ያልተጻፈ የዱቤ ሽያጭ ሁለቱንም ወገን እኩል ስለሚያጎድል አይታይም፤ የሚያጋልጠው መጋዘን ገብቶ ጣቃውን መቁጠር ነው።